ልብስ ሰፊው ለምን ለማታ ተጠራ?

በአዝማሪ ቤት ሳቅ በአንድ ጊዜ አይመጣም። መጀመሪያ ጥግ ላይ የተቀመጡ ሁለት ሦስት ሰዎች ይስቃሉ፤ ቀጥሎ ነገሩ ዘግይቶ የገባቸው ይከተላሉ፤ በመጨረሻም ምንም ሳይገባቸው፣ ሌላው ስለሳቀ ብቻ የሚስቁ አሉ። ከእነዚህ ሁሉ ውጭ የሚቀር አንድ ሰው ግን አይጠፋም። ምናልባት ከሌላ አገር የመጣ የቤቱ አማች ነው፤ ምናልባትም አማርኛን በወላጆቿ ቤት በግማሽ ሰምታ ዋሽንግተን አካባቢ ያደገች ወጣት ናት። ወደ ጎኗ ዞር ብላ «ምን አለች?» ትላለች። የተጠየቀው ሰው በዚያች ቅጽበት፣ ወደደም ጠላም፣ አስተርጓሚ ሆነ። ዘፋኟ ያለችውን ይንገራት ወይስ ዘፋኟ የፈለገችውን? ሁለቱ አንድ አይደሉም፤ አንድ ቢሆኑማ ኖሮ ማንም አይስቅም ነበር።

ጉዳዩን በደፈናው ከማውራት አንዲት ስንኝ ይዞ መመርመር ይሻላል። የሚከተለው ከየትም የተወሰደ ሳይሆን ለዚሁ ምርመራ ተብሎ የተገጠመ ነው፤ አሠራሩ ግን ማሲንቆ በሚመታበት ቤት ሁሉ የሚታወቅ ነው።

ክረምቱ ሳይመጣ ብርዱ ሳይበረታ፣
የኔን ልብስ ሰፊ ጥሩልኝ ለማታ።

ሰሙ ግልጽ ነው። ክረምት እየመጣ ነው፤ ልብስ ማሰፋት ያስፈልጋል፤ ስለዚህ ልብስ ሰፊው ይጠራ። ወርቁ ያለው «ልብስ ሰፊ» ላይ ነው። የመጀመሪያው ቃል በ«ስ» ያልቃል፣ ሁለተኛው በ«ሰ» ይጀምራል። ዘፋኟ በሁለቱ መካከል ቆም ካለች የሚሰማው ልብስ ሰፊ ነው። ሳትቆም ካሳለፈችው ግን ሁለቱ ድምፆች ተዋውጠው «ልብ ሰፊ» ይሆናሉ፤ የተጠራውም ጨርቅ የሚሰፋው ሳይሆን የተቀደደ ልብ የሚሰፋው ነው። ሁለቱም ንባብ በሰዋስው በኩል ሙሉ ነው፤ «የኔን» ለልብሱም ለልቡም እኩል ይሠራል። ኅብረ ቃል ማለት ይህ ነው።

እስከዚህ ድረስ ያለው የድምፅ ጨዋታ ነው። ጨዋታው ውብ ነው እንጂ ማንንም አያሳፍርም። ጥግ ላይ ያሉትን ያሳቃቸው ሌላ ነገር ነው፤ እሱም መጨረሻ ላይ እንደ ዋዛ የተቀመጠችው «ለማታ» ናት። ልብስ ሰፊ ሱቁን ከፍቶ የሚሠራው በቀን ነው። መርፌ ብርሃን ይፈልጋል። ታዲያ ለምን ለማታ? ብርዱስ ከዚህ ጋር ምን አገናኘው? ዘፋኟ አልመለሰችም፤ ጠይቁኝም አላለችም። መልሱን በአእምሮው የሞላው አድማጩ ነው። ለዚህ ነው አግቦ ከሌላ ቀልድ ሁሉ የሚለየው፦ ነውሩ ካለ፣ ነውሩ ተናጋሪው አፍ ላይ ሳይሆን ሰሚው ጭንቅላት ውስጥ ነው የተሠራው። የሳቀ ሰው ሁሉ በሳቁ ራሱን አጋልጧል።

በአንድ ስንኝ ውስጥ ሁለት የተለያዩ ነገሮች መኖራቸውን በቀላሉ መፈተን ይቻላል። «ልብስ ሰፊ» የሚለው ወጥቶ «ቀሚስ ሰፊ» ይግባበት። ቤቱም ምቱም አይጎድልም፤ ልቡ ግን ጠፋ። ቀሚስ ውስጥ ልብ የለምና። ሆኖም ጥግ ላይ ያሉት ሰዎች አሁንም ይስቃሉ፤ ምናልባትም ከበፊቱ የበለጠ። አሁን ደግሞ «ልብስ ሰፊ» ወደ ቦታው ተመልሶ «ለማታ» በ«ለጠዋት» ትተካ። ቤቱ ቢፈርስም ኅብረ ቃሉ እንዳለ ነው፤ ልብ ሰፊው በጠዋትም ይጠራል። ሳቁ ግን ቀረ፤ የቀረው ለስላሳ የናፍቆት ዘፈን ነው። እንግዲህ ኅብረ ቃሉ በቃሉ ድምፅ ውስጥ፣ አግቦው ደግሞ በሁኔታው ውስጥ ይኖራሉ ማለት ነው። ሰው ሁለቱን በአንድ ስም «ሰምና ወርቅ» ብሎ ስለሚጠራቸው አንድ ይመስሉታል። ለተርጓሚ ግን ልዩነታቸው ትልቅ ነው፤ ምክንያቱም ድምፅ ከቋንቋ ወደ ቋንቋ አይሻገርም፣ ሁኔታ ግን ብዙ ጊዜ ይሻገራል።

ይህ ፈተና ሌላም ጥቅም አለው። ወርቅ ያልተቀበረበትን መሬት ሁሉ የሚቆፍር አድማጭ አለ። አዝማሪዋ ስለ ዝናብ ብትዘፍን ስለ ዝናብ እንደሆነ አያምንም። እንደዚህ ያለ ሰው ተርጓሚ ሲሆን ዘፋኟ ያላሰበችውን ነውር በስሟ ያሰራጫል። የተጠረጠረውን ቃል በተመሳሳዩ ተክቶ መስማት፣ ሁለተኛው ፍቺ የስንኙን ሰዋስው ከዳር እስከ ዳር ይዞ መሄዱን ማየት፣ አላስፈላጊ ሆና የገባች ቃል (እንደ «ለማታ» ያለች) መኖሯን መፈለግ፣ ዘፋኟ ስትደግመው ቃሉን የምትሰብርበት ቦታ መቀየሩን ማድመጥ ይገባል። ከእነዚህ አንዱም ከሌለ ዝናቡ ዝናብ ነው።

በጽሑፍ ሲሆን ደግሞ ፊደላችን ራሱ ተባባሪ ነው። መጥበቅና መላላትን አያሳይም። «ሰፊ» ሲላላ መርፌ የያዘው ነው፤ ሲጠብቅ ጠባብ ያልሆነው ነው። ስንኟን ከገጽ ላይ ያነበበ ሰው «ፊ»ን አጥብቆ ልበ ሰፊ፣ ማለት ታጋሽ፣ የሆነ ሰው የተጠራ ሊመስለው ይችላል። ያን ጊዜ ለማታ የሚጠራው ጨዋና ትዕግሥተኛ ሽማግሌ ይሆናል። ከዘፈን ግጥም ከድረ ገጽ ላይ ገልብጦ የሚተረጉም፣ ድምፁን ሳይሰማ የሚሠራ ሰው ስሕተት ብዙውን ጊዜ ከዚህ ይጀምራል።

እንግዲህ ስንኟ ወደ እንግሊዝኛ ትሂድ። የመጀመሪያው እንቅፋት ማንም የማይጠብቀው ቦታ ነው፤ «ክረምት» ላይ። በኢትዮጵያ ክረምት ከሰኔ እስከ መስከረም መግቢያ ነው፤ ስለዚህ መዝገበ ቃላት ሳይሆን የቀን መቁጠሪያ የሚያይ ተርጓሚ «ሰመር» ብሎ ይጽፋል። ቺካጎ ያለ አንባቢ ሰመር ሲባል ላብ ነው የሚታየው። ብርዱ ጠፋ፣ ብርዱ ሲጠፋ ልብስ ሰፊውን የሚያስጠራ ምክንያት ጠፋ፣ አግቦውም አብሮ ሄደ። በአንድ የወር ስሌት ምክንያት ስንኙ በሙሉ ፈረሰ። «ዊንተር» የሚለው ደግሞ ብርዱን ያተርፋል፣ ዝናቡን ይጥላል፤ ለዚህች ስንኝ ግን ጉዳቱ ትንሽ ነው። ስንኟ የቆመችው በዝናቡ ሳይሆን በብርዱ ላይ ስለሆነ። ወደ አረብኛ የሚሄድ ተርጓሚ ዕድለኛ ነው፤ በግብፅና በሻም አገሮች የአነጋገር ዘዬ «ሺታ» የሚለው ቃል ክረምቱንም ዝናቡንም ይይዛል።

ቀጥሎ ልብስ ሰፊው ይመጣል። «ቴለር» የሚለው ትክክል ነው፤ ውስጡ ግን ልብ የለም። ብዙ ተርጓሚ እዚህ ተስፋ ቆርጦ የግርጌ ማስታወሻ ይጽፋል፦ በአማርኛ ይህ ቃል ሁለት ትርጉም አለው፣ አንደኛው እንዲህ፣ ሁለተኛው እንዲያ። ማስታወሻው ለተማሪ ይጠቅማል። ቀልዱን ግን ይገድለዋል፤ ምክንያቱም አንባቢው ራሱ አላገኘውም፣ ተነገረው እንጂ። በፊልም ደግሞ ማስታወሻ የሚባል ነገር የለም። የግርጌ ትርጉም ጸሐፊ ያለው ቦታ ሁለት መስመር ነው፣ እያንዳንዱ አርባ ፊደል ገደማ፣ ማያው ላይ የሚቆየውም ከስድስት ሰባት ሰከንድ አይበልጥም። በዚያ ላይ ተመልካቹ ሳቁን ይሰማል። ሳቁ ተሰምቶ ጽሑፉ ላይ የሚያስቅ ነገር ከሌለ እንደተታለለ ያውቃል።

መውጫ ቀዳዳው የሚገኘው ቃሉን ትቶ ሥራውን በመፈለግ ነው። በአማርኛ ልብስና ልብ በድምፅ ይቀራረባሉ፤ በእንግሊዝኛ አይቀራረቡም። ሆኖም እንግሊዝኛ «ሜንድ» የሚል ግስ አለው፤ የተቀደደ ልብስም የተሰበረ ልብም በእሱ ይጠገናል። ተርጓሚው ልብሱንም ልቡንም ሳይጠራ «የምትጠግንልኝን ሰው ለማታ ጥሩልኝ» ብሎ በዚህ ግስ ቢጽፍ አንባቢው ቅዝቃዜውን አይቶ ልብስ ያስባል፣ ማታውን አይቶ ልብ ያስባል፣ ከዚያም ስለ ማታው ደግሞ ትንሽ ያስባል። የ«ስ» ድምፅ መዋጥ፣ የዘፋኟ ብልጠት፣ ቀርቷል። ነገር ግን ሳቁ በትክክለኛው ቅደም ተከተል ይመጣል፤ ለቀልድ ትርጉም ከዚህ የበለጠ ታማኝነት ማግኘት ከባድ ነው።

እዚህ ላይ ከሁሉም የሚያጓጓው፣ ከሁሉም የሚከፋውም፣ አንድ መንገድ አለ። ወርቁን አውጥቶ መጻፍ። «ፍቅረኛዬን ዛሬ ማታ ጥሩልኝ» ማለት። መረጃው ሁሉ አለ፤ አንባቢው ግራ አይጋባም፤ ሰከንዱም ይበቃል። ስሕተቱ ምኑ ላይ ነው?

ፖል ግራይስ የተባለው እንግሊዛዊ ፈላስፋ በ1967 (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) በሃርቫርድ ባቀረባቸው ትምህርቶች በተነገረውና ሳይነገር በተረዳው መካከል ያለውን ልዩነት መርምሯል። ሳይነገር የተረዳው ነገር አንዱ ጠባይ፣ እንደ እሱ አባባል፣ ሊሰረዝ መቻሉ ነው። ተናጋሪው «እንዲያ ማለቴ አልነበረም» ሲል ከራሱ ቃል ጋር አይጋጭም። ዘፋኟ በማግሥቱ አባቷ ቢቆጧት «ምን አጠፋሁ? ልብስ ሰፊ ማታ ቢመጣ ምን አለበት?» ልትል ትችላለች። ማንም አያምናትም፣ ግን ማንም ሊያስተባብላት አይችልም። ይህ መብት የስንኙ አካል ነው። ወርቁን አውጥቶ የጻፈው ተርጓሚ የቀየረው ቃላት ብቻ አይደለም፤ ዘፋኟ ያልፈረመችበትን ነገር በስሟ ፈርሟል።

የወርቅ አንጥረኛው ምሳሌ ራሱ እዚህ ላይ አሳሳች ነው። አንጥረኛው ቅርጹን በሰም ሠርቶ በጭቃ ይለብጠዋል፤ እሳት ሲነካው ሰሙ ቀልጦ ይፈስሳል፤ በባዶው ቦታ ወርቁ ይገባል። ሰሙ ከዚያ በኋላ አያስፈልግም። ቅኔ የሚማር ተማሪም ሰሙን ፈትቶ ወርቁ ላይ ያርፋል። አግቦ ግን ሰሙ እንዲቀልጥ አይፈልግም። ሰሙ ቆሞ፣ ወርቁም ውስጡ እየታየ፣ ሁለቱ አብረው ካልኖሩ ነገሩ አግቦ መሆኑ ይቀርና ወይ የልብስ ወሬ ወይ የአደባባይ ኑዛዜ ይሆናል።

በአዝማሪ ቤት ደግሞ ኃላፊነቱ የበለጠ የተበታተነ ነው። ከታዳሚው አንዱ «ተቀበል!» ብሎ ስንኝ ይሰጣል፤ አዝማሪው ተቀብሎ በዜማ ይመልሰዋል። የገጠመው አንድ ሰው፣ ያዜመው ሌላ፣ የሳቀው ሦስተኛ ነው። «ማን አለ?» ቢባል ሦስቱም እርስ በርስ ይጠቋቆማሉ። በስንኟም ውስጥ «ጥሩልኝ» የሚለው ለብዙ ሰው የተነገረ ትእዛዝ ነው፤ ዘፋኟ ቤቱን ሁሉ መልእክተኛ አድርጋዋለች። ተርጓሚው ይህን ጉባኤ ወደ አንድ ተናጋሪ ሲያጠብበው የጋራ ጨዋታን ወደ አንድ ሰው ጥፋት ይለውጣል።

ይህ የጨዋታ ጉዳይ ብቻ ሆኖ ባልቀረበት ዘመን ዋጋው ሌላ ነበር። በየካቲት 1937 በግራዚያኒ ላይ የመግደል ሙከራ ከተደረገ በኋላ ጣሊያኖች በአዲስ አበባ ካደረሱት ጭፍጨፋ አልፈው፣ በሚቀጥለው ወር ተረት እየዘፈኑ የሚዞሩትን፣ ጠንቋዮችንና ትንቢት ተናጋሪዎችን እያደኑ እንዲያጠፉ ትእዛዝ ተሰጥቷል። አዝማሪውን አደገኛ ያደረገው ዜማው አይደለም። የባዕድ ሹም ደግሞ ኅብረ ቃልን በራሱ ጆሮ አይሰማም፤ የሚያሰማው ሰው ያስፈልገዋል። በእንዲህ ያለ ጊዜ «ምን አለ?» ተብሎ ሲጠየቅ «ስለ ልብስ ሰፊ ነው የዘፈነው» ብሎ የመለሰ አስተርጓሚ ዋሽቷል ማለት ይቻላል? የተባለውን ቃል በቃል ተናግሯል። ያልተናገረው፣ ዘፋኙም ያልተናገረውን ብቻ ነው።

ይህ መልስ ግን በየቦታው አይሠራም፤ እንዲያውም ተቃራኒው እውነት የሚሆንበት ቦታ አለ። በአንድ የባሕረ ሰላጤ አገር ቤት ውስጥ አሠሪው ለሠራተኛዋ ቀልድ መሰል ነገር ይናገራል፤ ቋንቋውን የምታውቅ ሌላ ሠራተኛ ታስተረጉማለች። ቃሉ ስለ ሻይ ነው፤ ሰዓቱና ፈገግታው ግን ስለ ሻይ አይደሉም። እዚህም ሰም አለ፤ እዚህም «እንዲያ ማለቴ አልነበረም» የማለት ቀዳዳ አለ። አስተርጓሚዋ ሰሙን ብቻ ብታሻግር የተጠበቀው ኃይለኛው ሰው ነው፤ የተጋለጠችው ደግሞ ማወቅ የነበረባት። ዘፋኟን ከአባቷ ቁጣ፣ አዝማሪውን ከወራሪው ጥይት የሸሸገው ጨርቅ እዚህ ላይ የበዳዩ መሸሸጊያ ሆኗል። ስለዚህ «ለቃሉ ታማኝ መሆን» ብቻውን ምንም አይመልስም። መጠየቅ ያለበት ሰሙ ማንን ነው የሚሸፍነው የሚለው ነው።

የፍርድ ቤት አስተርጓሚዎች ለዚህ የተሠራ ልማድ አላቸው። አግቦ ያለበት ቃል ሲገጥማቸው ወርቁን በራሳቸው ሥልጣን አያወጡም፣ እንዳልሰሙም አያልፉትም። የተባለውን እንደተባለ ይተረጉማሉ፤ ከዚያም ራሳቸውን እንደ ሌላ ሰው ጠርተው «አስተርጓሚው ይህ ቃል በዚያ ቋንቋ ከአንድ በላይ ትርጉም እንዳለው ለፍርድ ቤቱ ያሳውቃል» ይላሉ። ምን ለማለት እንደተፈለገ መጠየቅ የዳኛውና የጠበቃው ሥራ ይሆናል። ዘዴው ቀዝቃዛ ነው፤ በሰርግ ቤት ማንም አይጠቀምበትም። ግን አንድ ነገር በትክክል ለይቷል፦ «እዚህ ሁለት ትርጉም አለ» ማለትና «ትርጉሙ ይህ ነው» ማለት የተለያዩ ናቸው። የመጀመሪያው ሰሚውን ያነቃዋል፣ ተናጋሪውን አይከስስም። ለዚያች ሠራተኛም ጓደኛዋ «የተናገረው ስለ ሻይ ነው፤ አነጋገሩ ግን አላማረኝም» ብትላት ይኸው ነው።

እንግሊዞችም ከአግቦ ጋር ብዙ ታግለዋል። የእንግሊዙ ቢቢሲ በ1940ዎቹ መጨረሻ ለመዝናኛ ፕሮግራም አዘጋጆቹ ባወጣው መመሪያ የተከለከሉ የቀልድ ርእሶችን ዘርዝሮ ነበር። ከተከለከሉት መካከል ስለ ሙሽሮች፣ ስለ ተከራይ፣ ስለ ተዟዟሪ ነጋዴና ስለ ሆቴል ቤት አጽጂ ሴት የሚነገሩ ነገሮች ይገኛሉ። ቃሎቹ አንዳቸውም ነውር አይደሉም። የተከለከሉት ሁኔታዎች ናቸው፤ ተከራይ ሌሊትም እቤት ያድራል፣ ነጋዴው የሚዞረው ባል ሥራ ሲሄድ ነው። ልክ እንደ «ለማታ»። በዚያው ዝርዝር ውስጥ ክረምት እየቀረበ ነው የሚል አንድ የእንግሊዝኛ አባባልም በምሳሌነት ገብቷል፤ በጆሮ ሲሰማ የሴት የውስጥ ሱሪ ስም ስለሚመስል። ብርድ በሁለቱም አገር ተመሳሳይ ሥራ መሥራቱ ያስገርማል። ዝርዝሩ ግን ያላሰበውን አገልግሎት ሰጠ፦ የትኛው ቃል ምን እንደሚያሳስብ የማያውቅ ሰው ካለ፣ ከዚያ ተማረ።

ተርጓሚ ራሱ አግቦ የሌለበት ቦታ አግቦ ሊፈጥር መቻሉም አይረሳ። በታኅሣሥ 1977 ፕሬዚዳንት ጂሚ ካርተር ዋርሶ ላይ ስለ ፖላንድ ሕዝብ የወደፊት ፍላጎት ሲናገሩ፣ የአስተርጓሚያቸው የፖላንድኛ ቃል የሥጋ ምኞትን የሚመስል ሆኖ ተገኘና ዓለም ሳቀባቸው። ጥፋቱ የቋንቋ አለመቻል ብቻ አይመስልም። «ፍላጎት» የሚለው ቃል በየቋንቋው ብዙ ክፍል አለው፤ የትኛው ክፍል በር ለአደባባይ እንደሚከፈት የሚያውቀው በዚያ ቋንቋ የኖረ፣ የቀለደ፣ የተቆጣ ሰው ነው። እኚሁ ካርተር በኋላ ጃፓን ውስጥ አጭር ቀልድ ተናግረው አዳራሹ በሳቅ መፍረሱ ገርሟቸው ሲጠይቁ፣ አስተርጓሚው «ፕሬዚዳንቱ ቀልድ ተናግረዋል፤ ሁላችሁም መሳቅ አለባችሁ» ብሎ እንደነበር ራሳቸው አውርተዋል። ብዙ ሰው ይህን እንደ ማታለል ያየዋል። ቢሆንም ሰውየው ለአዳራሹ የነገረው ፍጹም እውነት ነበር፤ ስለ ቀልዱ ይዘት ምንም አልዋሸም።

ወደዚያች ዋሽንግተን አካባቢ ወዳደገችው ወጣት ስንመለስ፣ ዕድሜዋ ብዙ ይወስናል። ስምንት ዓመቷ ከሆነ እናቷ «ልብስ ሰፊ ጥሩልኝ ነው የምትለው» ብትላት አላታለለቻትም። ይህ ዓይነት ዘፈን የተሠራው ሕፃን፣ አያት፣ አማትና የንስሐ አባት በአንድ ዳስ ሥር ለሚቀመጡበት ቤት ነው። ሰሙ የተቀመጠው ለልጅቷ ነው፤ እናት የዘፋኟን ዕቅድ ፈጸመች እንጂ አላፈረሰችም። ሃያ አምስት ዓመቷ ከሆነ ግን ያው መልስ ሌላ ነገር ይሆናል። ወጣቷ የጠየቀችው ስለ ልብስ አይደለም፤ ሁሉም የሳቀበት ክፍል ውስጥ እሷ ለምን እንደቀረች ነው የጠየቀችው። ለእሷ «ምንም አይደል፣ ዝም ብሎ ዘፈን ነው» ማለት ቋንቋው የአንቺ አይደለም እንደማለት ይቆጠራል፤ እናትየው በእፍረት ያደረገችው ቢሆንም። በውጭ አገር ባደጉ ልጆች ዘንድ አማርኛ የትእዛዝ፣ የምርቃትና የቁጣ ቋንቋ ብቻ ሆኖ የሚቀረው አንዱ ምክንያት ይህ ሊሆን ይችላል፤ ቀልዱ ሁሉ በር ላይ ስለሚመለስባቸው።

ደግሞ ሁሉንም መንገር አያስፈልግም። «ልብስ ሰፊ ብለሽ ሳትቆሚ በፍጥነት በይው» ማለት ይበቃል። ወጣቷ ሁለት ጊዜ ታነበንበዋለች፤ በሦስተኛው «ስ» ይዋጣል፣ ልቡ ይሰማታል። «ለምን ለማታ ሆነ?» የሚለውን ማንም ሳይነግራት ራሷ ትጠይቃለች፣ መልሱንም ለራሷ ትይዛለች። እናቷ ነውር አልተናገረችም፤ ልጇም አልተባረረችም። በጽሑፍ የሚሠራ ተርጓሚም አቅሙ ከፈቀደ ሊያደርግ የሚገባው ይህንኑ ነው፦ አንባቢውን እስከ ደጁ ማድረስ፣ መዝጊያውን ግን ለእሱ መተው።

የፈረንሳይኛ ተርጓሚ አንድ ተጨማሪ ችግር አለበት። በአማርኛ «ሰፊ» ወንድም ሴትም ሊሆን ይችላል፤ «የኔን» የሚለውም የተናጋሪዋን ወይም የተናጋሪውን ፆታ አይናገርም። ማን ማንን እንደጠራ አይታወቅም፤ ግማሹ መሸሸጊያ እሱ ነው። ፈረንሳይኛ ግን ወንድ ልብስ ሰፊ ወይም ሴት ልብስ ሰፊ ብሎ እንዲመርጥ ያስገድደዋል፤ አንዱን ሲመርጥ የአንዱ አድማጭ ግምት እውነት፣ የሌላው ሐሰት ይሆናል። ሰውን ትቶ «የምትሰፋኝ እጅ» ቢል ያመልጣል፤ እጅ በፈረንሳይኛ ምንጊዜም በሴት ፆታ ስለሚጠራ የማንም ምስጢር አይወጣም። ሆኖም እጅ አካል ነው። ዘፋኟ ያልጠራችው አካል ወደ ስንኙ ሲገባ፣ በዚያ ላይ «ለማታ» ሲጨመርበት፣ ክብደቱ እሷ ካስቀመጠችው ያልፋል። ስለዚህ እጅን ያስገባ ተርጓሚ ከሌላው ጫፍ መቀነስ ይኖርበታል፤ «ለማታ»ን አላልቶ «ሳይመሽ» ወደሚለው ጠጋ ማድረግ፣ ብርዱንም በመጀመሪያው ስንኝ ብቻ መተው።